የካንባን ሰሌዳ ላይ በእጅ ያለ ሥራን መገደብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌው ሁሉ ፒያሳ አካባቢ ስላለች፣ አምስት ሰው ስለሚሠራባት አንዲት የዲዛይንና የህትመት ቢሮ ነው፤ ቁጥሮቹን ለማስላት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

በእጅ ያለ ሥራን መገደብ ማለት ምንድን ነው?

የካንባን ሰሌዳ እያንዳንዱን ሥራ በካርድ፣ ሥራው የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች ደግሞ በአምድ ያሳያል። የቢሮዋ ሰሌዳ ስድስት አምዶች አሉት፦ ተራ የሚጠብቅ፣ ዲዛይን፣ ደንበኛ ማረጋገጫ፣ ህትመት፣ ማጠናቀቂያ፣ ርክክብ። ማጠናቀቂያ የሚባለው መቁረጡ፣ ማጠፉና መጠረዙ ነው። በእጅ ያለ ሥራ የምንለው ተጀምሮ ያላለቀውን ነው፤ እዚህ ቢሮ ከዲዛይን እስከ ማጠናቀቂያ ባሉት አራት አምዶች ውስጥ ያለው ካርድ ሁሉ ማለት ነው።

ገደቡ በአምዱ ራስ ላይ የሚጻፍ ቁጥር ነው። ዲዛይን ላይ 3 ተብሎ ከተጻፈ አራተኛ ካርድ አይገባበትም። አንዱ ካርድ ወደ ማረጋገጫ ሲሻገር ቦታ ይለቀቃል፤ አዲስ ሥራ ከተራው የሚሳበውም ያኔ ብቻ ነው። ሐሳቡ የመጣው ከቶዮታ ፋብሪካ ነው። እነ ታይቺ ኦህኖ ቀጣዩ ክፍል ሳይፈልገው ዕቃ ተመርቶ እንዳይከመር በካርድ ይቆጣጠሩ ነበር። ቁጥር የሌለው ሰሌዳ ያማረ የሥራ ዝርዝር ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ብዙ ሥራ ባንዴ ብጀምር ብዙ አልጨርስም እንዴ?

አይጨረስም። አንድ ዲዛይነር ሦስት ሥራ አለው እንበል፤ እያንዳንዱ ሁለት ቀን ይወስዳል። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ቢያልፍ የመጀመሪያው በ2ኛው፣ ሁለተኛው በ4ኛው፣ ሦስተኛው በ6ኛው ቀን ያልቃል። ሦስቱም ደንበኞች ደስ ይበላቸው ብሎ በየቀኑ ቢያፈራርቃቸው ግን በ4ኛው፣ በ5ኛው እና በ6ኛው ቀን ነው የሚያልቁት። የመጨረሻው ደንበኛ ምንም አላተረፈም። የፊተኞቹ ሁለቱ ግን በከንቱ ጠበቁ። ይህ እንግዲህ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዘል «የት ነበርኩ?» እያለ የሚያባክነውን ጊዜ ሳንቆጥር ነው።

ለመላው ቢሮም ስሌቱ ቀላል ነው። በእጅ ያለውን ሥራ በሳምንት በሚያልቀው ሥራ ስናካፍለው አንድ ሥራ በአማካይ የሚቆይበትን ጊዜ እናገኛለን። ይህ የሊትል ሕግ ይባላል፤ ጆን ሊትል የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ አረጋግጠውታል። ቢሮዋ በሳምንት 6 ሥራ ታስረክባለች። በእጇ 18 ካለ አንዱ ሥራ በአማካይ ሦስት ሳምንት ይቆያል። 12 ካለ ሁለት ሳምንት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሕጉ የሚሠራው በአማካይ ነው፤ የሚገባውና የሚወጣው ሥራ ለተወሰነ ጊዜ ተቀራራቢ ሲሆን። ስለ አንድ የተወሰነ ካርድ ምንም አይነግራችሁም። «ስሌቱ ሁለት ሳምንት ይላል» ብላችሁ ለደንበኛ ቀን አትቁረጡ፤ ከአማካዩ በላይ የሚቆዩ ሥራዎች ሁልጊዜ አሉ።

ቁጥሩን እንዴት ልወስን?

ከምኞት አትነሱ፤ ዛሬ ካለው ተነሱ። የቢሮዋ ካርዶች ሰኞ ጠዋት ሲቆጠሩ ዲዛይን ላይ 7፣ ማረጋገጫ ላይ 8፣ ህትመት ላይ 2፣ ማጠናቀቂያ ላይ 1 ነበሩ። ድምር 18። ይህ ቆጠራ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ማሽኑ ሁለቱን እንደጨረሰ የሚበላው አጥቶ ይቆማል፤ ከፊቱ ግን 15 የተጀመሩ ሥራዎች አሉ። ሁለቱ ዲዛይነሮች ቀን ከሌት ይሠራሉ፤ ነገር ግን የሚሠሩት ወደ ማሽኑ የማይደርስ ሥራ ነው።

ከዚያ ሰው ቁጠሩ። ዲዛይነሮቹ ሁለት ናቸው። ለእያንዳንዳቸው አንድ፣ አንደኛው ፎቶ ወይም ጽሑፍ ሲጎድለው የሚያዝ አንድ ትርፍ፣ በጠቅላላው 3። ህትመት ላይም 3፦ አንዱ ማሽኑ ላይ፣ ሁለቱ ተዘጋጅተው ተራ የሚጠብቁ። ማጠናቀቂያ 2። ማረጋገጫ 4፤ የዚህን ምክንያት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ድምሩ 12 ነው።

አሁን 7 የነበረውን ዲዛይን በአንድ ጀምበር 3 ለማድረግ አራት ካርድ አውጥቶ መጣል አያስፈልግም፤ አራት ደንበኛ ማስቀየም ነው ትርፉ። አዲስ ሥራ መጀመር ብቻ አቁሙ። የተጀመረው እያለቀ ሲሄድ 7 የነበረው 5፣ ከዚያ 3 ይሆናል። በነዚህ ቀናት የሚመጣው ትዕዛዝ ተራ የሚጠብቅ አምድ ውስጥ ይገባል፤ ተቀባይዋም ለደንበኛው «ዛሬ እንጀምራለን» ሳይሆን እውነተኛውን ቀን ትነግረዋለች። በጣም የሚከብደው ይህ ነው። እኛ አገር ደንበኛ ሥራው «ተጀምሯል» ሲባል ይረጋጋል፤ መጀመርና ማለቅ የተለያዩ መሆናቸውን የሚያውቀው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

ግድግዳ ላይ ይሻላል ወይስ ኮምፒውተር ላይ?

ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግድግዳ። ነጭ ሰሌዳ፣ ማርከርና ተለጣፊ ወረቀት ይበቃል። ከቤት የሚሠራ ሰው ካለ ትሬሎም ጂራም ይሆናል። ግን አንድ ነገር እወቁ፦ ጂራ አምዱ ከገደቡ ሲያልፍ ቀለሙን ቀይሮ ያስጠነቅቃል እንጂ ካርዱን አይከለክልም። ትሬሎ ላይ ያለው የገደብ ማከያም የሚያደርገው ቀለም መቀየር ነው። «እዚህ ጋ እንቁም» የሚለው ሰው ነው።

አምዱ ሞልቶ እኔ ሥራ ቢያልቅብኝ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?

አይደለም፤ ግን አዲስ ሥራም አትጀምሩ። ሰሌዳውን ከቀኝ ወደ ግራ ተመልከቱ። ለርክክብ የቀረበው ካርድ ምን ጎደለው? ማጠናቀቂያ ላይ 500 ብሮሸር መታጠፍ ካለበት ዲዛይነሩም ቁጭ ብሎ ያጥፋ። ማረጋገጫ ላይ ደንበኛ ካልመለሰ ስልክ ይደውል። ህትመት ላይ ፋይሉ ችግር ካለበት ቀለሙን፣ የገጹን ጠርዝና የፊደሉን ዓይነት ያስተካክል። ሁሉም ሰው ሁሉን መሥራት አይችልም፤ የመቁረጫ ማሽኑን ያልለመደ ሰው ባይነካው ይሻላል። ሆኖም ሊያግዝ የማይችል ሰው የለም።

ይህን ሁሉ አይቶ ምንም የሚረዳው ካጣ፣ ጥቂት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ይችላል። እውነቴን ነው። ማሽኑ በቀን አንድ ሥራ የሚጨርስ ከሆነ ዲዛይነሩ ሁለት ቢጨርስ ርክክቡ አይጨምርም፤ ክምሩ ነው የሚጨምረው። ባለቤቱን ይህን ማሳመን ያስቸግራል፤ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ባዶ እጁን የተቀመጠ ሠራተኛ ሲያይ ደሙ ይፈላል። በሳምንቱ መጨረሻ ስንት ሥራ እንደተረከበና ስንት ክፍያ እንደገባ ማሳየት ከክርክር ይሻላል።

ደንበኛው መልስ እስኪሰጥ የሚጠብቅ ሥራም ይቆጠራል?

ይቆጠራል። ብዙ ሰሌዳ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ዲዛይነሩ ናሙናውን በቴሌግራም ይልካል፣ «ከእኔ እጅ ወጥቷል» ብሎ ካርዱን ከቁጥር ያወጣል፣ አዲስ ይጀምራል። ደንበኛው ከቀናት በኋላ «ሎጎው ትንሽ ከፍ ይበል» ብሎ ሲመለስ ዲዛይነሩ ሌላ ሥራ መሐል ላይ ነው። አንዱን አቁሞ ሌላውን ያነሳል። እንዲህ ያሉ ስምንት ካርዶች ካሉ ስምንቱም የትኛውም ቀን ሊመለሱበት ይችላሉ። ስለዚህ ከእጁ አልወጡም፤ ከዓይኑ ነው የወጡት።

መፍትሔው ለመጠበቂያው የራሱን አምድና የራሱን ቁጥር መስጠት ነው። ቢሮዋ 4 ያለችው ለዚህ ነው። አራት ናሙና መልስ እየጠበቀ ከሆነ አምስተኛው አይላክም፤ ያለቀው ዲዛይን እዚያው ዲዛይን አምድ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቆያል። ዲዛይን ይሞላል፣ አዲስ ሥራ ይቆማል። ያማል፣ ግን እንዲያም ነው የታሰበው። ቀድሞ ለደንበኛው መደወል የማንም ሥራ አልነበረም፤ አሁን የሁሉም ሥራ ሆነ፣ ምክንያቱም ካልተደወለ ማንም ወደፊት አይሄድም።

ከቁጥሩ ጋር ሦስት ልማዶች አብረው ካልሄዱ ግን አምዱ ሞልቶ ይደርቃል። አንደኛ፣ ካርዱ ላይ ናሙናው የተላከበት ቀን ይጻፋል። ሁለተኛ፣ ትዕዛዝ ሲወሰድ «ይሁን» የሚለው ሰው ማን እንደሆነ ይጠየቃል። የመሥሪያ ቤት ሥራ ከሆነ ይህ ወሳኝ ነው። ናሙናውን የተቀበለችው ጸሐፊ ናት፣ የሚፈርሙት ኃላፊ ግን ስብሰባ ላይ ናቸው ወይም መስክ ወጥተዋል። የፈራሚውን ስልክ ሳይዙ መጀመር ለመጠበቅ መስማማት ነው። ሦስተኛ፣ የመጠበቂያ ጊዜ ይወሰናል። በቢሮዋ ሁለት ቀን ካለፈ ተቀባይዋ ትደውላለች፤ አምስት የሥራ ቀን ካለፈ ካርዱ ወደ ተራ የሚጠብቅ ይመለሳል፣ ደንበኛው መልስ ሲሰጥም ከተራው ፊት ይሰለፋል። ይህ ደንብ ቅድሚያ ክፍያ ሲቀበሉ በሚሰጡት ወረቀት ላይ መጻፍ አለበት። ሳይነገረው ሥራው ወደ ኋላ የተመለሰበት ደንበኛ ቢጮህ አይፈረድበትም።

ባለቤቱ «ይህ አስቸኳይ ነው» ብሎ ሥራ ይዞ ቢመጣስ?

ይመጣል። በተለይ ጳጉሜ ሲቃረብ፣ የመልካም አዲስ ዓመት ካርድና ካላንደር ያላሳተመ ድርጅት ሁሉ በአንድ ሳምንት ሲጎርፍ። አስቸኳይ ሥራ የለም ማለት ራስን ማታለል ነው። ስለዚህ ሰሌዳው አናት ላይ አንድ ጠባብ መስመር ይሰመርና አስቸኳይ ይባላል። የእሱ ገደብ 1 ነው። አንድ አስቸኳይ ካርድ የሌሎቹን ገደብ አልፎ መግባት ይችላል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ከዚያ በላይ ሲመጣ ሠራተኛው አለቃውን «አይሆንም» ማለት አይጠበቅበትም። «ጋሼ፣ የትኛውን ላቁም?» ማለት ይበቃል። አብረው ሰሌዳው ፊት ቆመው ባለቤቱ ራሳቸው ይመርጣሉ። ብዙ ጊዜ ካርዶቹን አንድ በአንድ ሲያዩ አስቸኳዩ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ሆኖ ይገኛል። ካልሆነም ውሳኔው የእሳቸው ነው፤ የቆመው ካርድ ላይ ለምን እንደቆመ ይጻፍበታል።

አስቸኳዩ መስመር በወሩ ውስጥ ባዶ ሆኖ የማያውቅ ከሆነ ችግሩ ከገደቡ አይደለም። ወይ ቀን ሲሰጥ በጭፍን ነው የሚሰጠው፣ ወይ አስቸኳይ ለማለት ዋጋ አይጠየቅም። አስቸኳይ ሥራ ላይ ጭማሪ ክፍያ ያስቀመጡ ማተሚያ ቤቶች አሉ፤ እኔ እደግፈዋለሁ። ጭማሪ ሲባል «እሺ፣ ሐሙስም ይሁን» የሚለው ደንበኛ ይበዛል።

ቢዝነስ ካርድና መጽሔት እንዴት እኩል አንድ ካርድ ይሆናሉ?

እኩል መሆን የለባቸውም። ሥራዎቹ በጣም ካልተራራቁ በአማካይ ይቻቻላሉ፤ ለእያንዳንዱ ካርድ ነጥብ መስጠትና መደመር ለአምስት ሰው ቢሮ ትርፍ ጣጣ ነው። 60 ገጽ መጽሔት ግን ሲመጣ ሁለት ካርድ ቦታ ይያዝ፤ ሰፊ ወረቀት ተጠቅማችሁ በሁለት ቦታ ላይ ለጥፉት። ሥራውን መክፈል ካማራችሁም ደንበኛው ለብቻው አይቶ «ይሁን» ሊልበት በሚችል ክፍል ክፈሉት። «ሽፋን መሳል»፣ «ፎቶ መምረጥ» እያላችሁ ብትከፍሉት ሰሌዳው ላይ ብዙ ያለቀ ይመስላል፣ የተረከበ ግን የለም።

መብራት ሲጠፋ ገደቡ ይነሳል?

ጥያቄው ከባድ ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ክፍል ሲቆም ሌላው አይቆምም። ማሽኑ ያለ መብራት አይሠራም። ዲዛይነሮቹ ግን በላፕቶፕ ይቀጥላሉ። ገደቡን ብናነሳው ሁለት ቀን መብራት ቢጠፋ የጸደቁ ሥራዎች ይከመራሉ፣ መብራት ሲመጣ ሁሉም ደንበኛ «የኔን አስቀድም» ይላል፣ ቀድሞ የተሰጠው ቀን ሁሉ ይፈርሳል። በመሐል ወረቀት ከተወደደም በተስማማችሁበት ዋጋ ትከስራላችሁ።

ስለዚህ አይነሳም። ህትመት ላይ የተሰጠው 3 ግን ለዚህም ያገለግላል። አንድ ካርድ ማሽኑ ላይ ቆሞ፣ አንድ ብቻ ተራ እየጠበቀ ከሆነ ሌላ አንድ የጸደቀ ሥራ መግባት ይችላል። ማሽኑ በቀን አንድ ሥራ ስለሚጨርስ የግማሽ ቀን ወይም የአንድ ቀን መቋረጥ ብዙም ሳይሰማ ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን አምዱ ይሞላል፣ የጸደቀው ካርድ ማረጋገጫ ላይ ይቀራል፣ ቀስ በቀስ ዲዛይንም ይቆማል። ያኔ ምርጫው ሁለት ነው፦ አንዱን ሥራ ጄኔሬተር ላለው ሌላ ማተሚያ ቤት መስጠት፣ ወይም ለደንበኞቹ ደውሎ ቀኑን ማሻሻል። ሰሌዳው መሙላቱ ይህን ውሳኔ በጊዜ ያስወስናችኋል።

ገደቡ ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ካርዱ ላይ ሁለት ቀን ጻፉ፦ ዲዛይን የገባበትንና የተረከበበትን። ለአንድ ወር ያህል ብቻ በትዕግስት ያዙት። ጊዜው እያጠረ ከሆነና በሳምንት የሚረከበው ካልቀነሰ በትክክል እየሄዳችሁ ነው። ገደቡ አንድም ጊዜ ማንንም አስቁሞ የማያውቅ ከሆነ ሰፍቷል፤ በአንድ ቀንሱት። ማሽኑ በየቀኑ ሥራ አጥቶ እየቆመ ዲዛይን ሁልጊዜ ሙሉ ከሆነ ግን ወዲያው ቁጥር ለመጨመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ካርዶቹ ምን እየጠበቁ እንደሆነ ጠይቁ። እየጠበቁ ያሉት ፎቶና ጽሑፍ ከሆነ፣ ጽሑፉ ተሟልቶ ያልቀረበ ሥራ ዲዛይን ባይገባ ይሻላል። ካርዶቹ በእርግጥ እየተሠራባቸው ሳለ ማሽኑ የሚጦም ከሆነ ያኔ አንድ ጨምሩ፣ ወይም ዲዛይነር ቅጠሩ።

በአንዴ አንድ አምድ ብቻ ቀይሩ፤ በየቀኑም አትነካኩት። የአንድ ሥራ ቆይታ ሁለት ሳምንት በሆነበት ቢሮ የዛሬ ለውጥ ውጤት ነገ አይታይም።

ሠራተኞቹ ገደቡን ቢሸውዱትስ?

ይሸውዱታል፤ ክፋት ሆኖ አይደለም። አንድ ወዳጅ «ባነር ብቻ ናት፣ አምስት ደቂቃ» ይላል፣ ዲዛይነሩም ካርድ ሳይጽፍ ይጀምርለታል። ሌላው ማጠናቀቂያ ላይ ቦታ ሲያጣ ያልተጠረዘውን ሥራ ርክክብ አምድ ውስጥ ይለጥፈዋል። ሦስተኛው የአንድ ድርጅት ሦስት ትዕዛዝ በአንድ ካርድ ይጽፋል። ሰሌዳው ንጹሕ ይሆናል፣ ደንበኛ ግን እንደ ድሮው ይጠብቃል።

መለየቱ ቀላል ነው። በሳምንት አንዴ ዲዛይነሮቹ ኮምፒውተር ላይ የተከፈቱትን ፋይሎችና በቴሌግራም የተላኩትን ናሙናዎች ከካርዶቹ ጋር አስተያዩ። ካርድ የሌለው ሥራ ከተገኘ ካርድ ይጻፍለትና አምዱ ከገደብ አልፎ ይታይ፤ ተቆጥታችሁ ብታስደብቁት ሁለተኛ አታገኙትም። ለጥቃቅኑ ሥራ ደግሞ መውጫ ስጡ። ከግማሽ ሰዓት በታች የሚያልቅ ያለ ካርድ ይሠራ፣ ግን ከሰዓት በኋላ በተወሰነ አንድ ሰዓት ብቻ። በዚያ ሰዓት ያላለቀ ጥቃቅን ሥራ ካርድ ተጽፎለት ተራ ይይዛል።